ቴሌግራም አካውንት ራሱን ሲያጠፋ ምን ይሄዳል? ምን ይቀራል?

ቴሌግራም አንድ ጊዜ የተከፈተን አካውንት ለዘላለም አያስቀምጥም። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ብቅ ካላለ አካውንቱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። ብዙ ሰው ይህን እንደ አማራጭ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ቆጠራው እኛ ነካነውም አልነካነውም በሁላችንም አካውንት ላይ አለ። የምንመርጠው የጊዜውን ርዝመት ብቻ ነው። ለዓመታት ማንም ያልነካው አካውንት 6 ወር ነበር የሚሰጠው፤ በኋላ ወደ 18 ወር ከፍ ተደርጓል። ባለቤቱ ከፈለገ እስከ 1 ወር ሊያሳጥረው፣ እስከ 24 ወርም ሊያራዝመው ይችላል።

የእርስዎ ስንት ላይ እንደቆመ ለማየት «Settings» ውስጥ ገብተው «Privacy and Security» የሚለውን ይክፈቱ። ወደ ታች ሲወርዱ «If Away For» የሚል መስመር ያገኛሉ፤ ከጎኑ የተጻፈው የወር ቁጥር የእርስዎ ገደብ ነው። ሲነኩት ዝርዝሩ ይወጣል፣ አንዱን መምረጥ ብቻ ነው። ቆጠራው የሚነሳው ከመረጡበት ቀን ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ቴሌግራም ከገቡበት ቀን ነው። በስልክም ሆነ በኮምፒውተር አንዴ ከገቡ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ይህን ከሌላ ተመሳሳይ ቆጠራ መለየት ያስፈልጋል። «Devices» በሚለው ክፍል ውስጥም «If Inactive For» የሚል መስመር አለ። እሱ የሚመለከተው አገልግሎት ላይ ያልዋለን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከአካውንቱ ማስወጣትን ነው። መሣሪያው ይወጣል እንጂ አካውንቱ አይነካም፤ በኮድ ተመልሶ መግባት ይቻላል። የመጀመሪያው ግን መመለሻ የለውም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት ወጣት ለሁለት ዓመት ኮንትራት መስከረም ላይ ወደ ሪያድ ሄደች እንበል። የኢትዮጵያ ሲም ካርዷን ከነስልኩ እናቷ ቤት ትታ ሄደች፤ እዚያ በሳዑዲ ቁጥር አዲስ አካውንት ከፈተች። የድሮው አካውንቷ ላይ አራት ነገር አለ። «Saved Messages» ውስጥ የመታወቂያዋና የትምህርት ማስረጃዋ ፎቶ ተቀምጧል። ከወንድሟ ጋር የተለዋወጠችው መልእክት አለ። የከፈተችው የቤተሰብ ዕቁብ ግሩፕ አለ፤ አክስቷም በአድሚንነት ታግዛታለች። አራተኛው ነጠላ የምትሸጥበት ቻናል ነው፤ እሱን የምታስተዳድረው ብቻዋን ነበር። ገደቧ 18 ወር ከሆነ ኮንትራቷ ሳያልቅ፣ በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ አካውንቱ ይሰረዛል።

ያን ጊዜ የሚጠፋው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ በእሷ ስም የተቀመጠው ነው። የማስረጃዎቹ ፎቶ ከነ«Saved Messages»ው ይሄዳል። በእሷ በኩል ያለው የመልእክት ታሪክ ይጠፋል፣ ቴሌግራም ላይ የተመዘገቡት የስልክ ቁጥሮችም እንዲሁ። አስቀድማ ስልኳ ላይ ያወረደችው ፎቶና ስልኩ ውስጥ ያለው የቁጥር መዝገብ ግን የቴሌግራም ንብረት ስላልሆነ እዚያው ስልኩ ላይ ይቆያል።

ወንድሟ ጋ ያለው ሌላ ነው። የላከችለት መልእክትና ፎቶ በሙሉ እሱ ዘንድ እንዳለ ይቀመጣል። የሚለወጠው ከላይ ያለው ስም ብቻ ነው፤ በስሟ ፋንታ «Deleted Account» የሚል ይታያል፣ ፎቶዋም ይነሳል። የዕቁብ ግሩፑ አይዘጋም። ፈጣሪ አልባ ይሆናል እንጂ አባላቱ እንደ ድሮው ይጻጻፋሉ፣ አክስቷም የአድሚንነት ሥልጣኗ አይነካም። ክፉኛ የሚጎዳው ቻናሉ ነው። የለጠፈችው ይነበባል፣ ተከታዮቹም አሉ፤ ነገር ግን ሌላ አድሚን ስላልነበረው አዲስ ዕቃ የሚለጥፍበት ወይም የድሮውን ዋጋ የሚያርም ሰው አይኖርም።

ወጣቷ ተመልሳ በዚያው ቁጥር ብትመዘገብ ቴሌግራም እንደ አዲስ ሰው ነው የሚቀበላት። ቁጥሯን የያዙ ሰዎች ቴሌግራም መግባቷ ይነገራቸዋል፤ ንግግሩ ግን ባዶ ሆኖ እንደ አዲስ ይከፈታል። ቻናሉም የእሷ መሆኑን አያውቃትም።

ይህን ሁሉ ከመሄዷ በፊት በጥቂት ደቂቃ መከላከል ትችል ነበር። አንደኛው መንገድ ገደቡን 24 ወር አድርጎ በየጥቂት ወሩ አንዴ መግባት ነው። የተሻለው ግን አዲሱን ሲም ካርድ ስታገኝ አዲስ አካውንት ከመክፈት ይልቅ በድሮው አካውንት ላይ ቁጥሩን መቀየር ነበር። «Settings» ውስጥ የስልክ ቁጥሩን ሲነኩ «Change Number» የሚል ይመጣል፤ በእሱ ሲቀየር መልእክቱም፣ ግሩፑም፣ ቻናሉም ወደ አዲሱ ቁጥር አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ግን የድሮው አካውንት የተከፈተበት ስልክ በእጅ መኖር አለበት።

ለቻናሉ ቢያንስ አንድ የሚታመን ሰው አድሚን ማድረግ ይበቃ ነበር። ባለቤትነቱን ጭራሽ ማስተላለፍ ለሚፈልግ ቴሌግራም ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የሁለተኛው የይለፍ ቃል ከ7 ቀን በፊት የተዘጋጀ መሆኑን፣ የሚጠቀሙበት መሣሪያም ከገባ 24 ሰዓት ያለፈው መሆኑን። ስለዚህ በጉዞ ዋዜማ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ፋይሎቹን ለማውረድ ደግሞ የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ላይ «Settings»፣ ከዚያ «Advanced»፣ ከዚያ «Export Telegram data» አለ።

ረጅም ገደብ የራሱ አደጋ አለው። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀምንበትን ቁጥር የቴሌኮም ድርጅቱ ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላል። አካውንቱ ገና ካልተሰረዘ አዲሱ የቁጥሩ ባለቤት የመግቢያውን ኮድ በኤስኤምኤስ ተቀብሎ ሊገባበት ይችላል። ይህን የሚያግደው «Two-Step Verification» የሚባለው ሁለተኛው የይለፍ ቃል ነው። ገደቡን የሚያራዝም ሰው ይህንን አብሮ ማብራት አለበት።

በተቃራኒው፣ የላከውን ከሰዎች ስልክ ላይ ለማጥፋት አስቦ ገደቡን 1 ወር የሚያደርግ ሰው አለ። እሱ ተሳስቷል። ከማኅደረ ትውስታው የሚፋቀው የራሱ ቅጂ ነው፤ የሌላው ቅጂ አይነካም። በሁለት ሰዎች መካከል ባለ ንግግር የትኛውንም መልእክት ከሁለቱም ወገን መሰረዝ የሚቻለው አካውንቱ በሕይወት እያለ ብቻ ነው፤ ቴሌግራም ይህን ከ2019 ጀምሮ ፈቅዷል። አካውንቱ ከተሰረዘ በኋላ ያ መብት አብሮ ይጠፋል፤ መልእክቱ «Deleted Account» በሚል ስም ተቀባዩ ጋ ይቀራል። ሳይጠብቁ አሁኑኑ በ my.telegram.org/delete በኩል ለሚሰርዙም ነገሩ ያው ነው። በዚያ መንገድ የማረጋገጫው ኮድ የሚመጣው በኤስኤምኤስ ሳይሆን በራሱ በቴሌግራም ስለሆነ አካውንቱ አንድ ቦታ ላይ ተከፍቶ መገኘት አለበት።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ማጥፋት የሚፈልግ መጀመሪያ መልእክቶቹን ከሁለቱም ወገን ይሰርዝ፣ ቀጥሎ አካውንቱን። ማቆየት የሚፈልግ ደግሞ ዛሬውኑ «If Away For» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ይመልከት፤ መታወቂያውንና ማስረጃውንም ቴሌግራም ላይ ብቻ አያስቀምጥ።