አንድ ፎቶ፣ ብዙ ቀለም፦ የደባርቅ ስፌት በካታሎግ ላይ

ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወስደው መንገድ ዳባትን አልፎ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደባርቅ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ስፌትና የሱፍ ኮፍያ ለጎብኚ ይቀርባል። ዕቃው ለአዲስ አበባ ሱቅ ወይም ውጭ ላለ ገዥ ሲታሰብ ግን ካታሎግ ያስፈልጋል፤ ገዥውም ያንኑ መሶብ በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ አለላ ማየት ይፈልጋል። አንድ መሶብ ሰፍቶ ለመጨረስ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ፣ ለናሙና ብቻ ሁሉንም ቀለም መስፋት አያዋጣም። ስለዚህ አንዱ መሶብ በደንብ ይነሳና ያ ፎቶ ዋና ይሆናል፤ ሌሎቹ ቀለሞች ከእሱ ይወጣሉ። አቀማመጡ፣ ጥላውና የስፌቱ መስመር ግን መነካት የለባቸውም።

ሥራው ከካሜራው ይጀምራል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ጥላ ውስጥ የተነሳ ዕቃ ወደ ሰማያዊ ያደላል። አንድ ግራጫ ካርድ አብሮ ካልተነሳ ይህ ማድላት ወደ ሁሉም ቅጂ ይተላለፋል። ካሜራው በመቆሚያ ላይ ይጸናል። ከመሶቦቹ ውስጥም ደማቅ ሳይሆን ፈዘዝ ያለ አለላ የገባበት ቢመረጥ ይሻላል። ፈዛዛውን ማጨለም ቀላል ነው። በጥቁር አለላ ውስጥ ያሉት የሣሩ ጥቃቅን መስመሮች ግን ፎቶው ላይ አልተያዙም፤ ሊያፈኩት ሲሞክሩ የሚወጣው ብናኝ ብቻ ነው። ለጥቁር በግ ሱፍም እንዲሁ ነው።

የቆየው መንገድ በፎቶሾፕ ወይም ነጻ በሆነው GIMP ቀይ አለላውን ብቻ በማስክ መለየት፣ በላዩ አዲስ ሌየር መክፈትና የሌየሩን ሁነታ በፎቶሾፕ `Color`፣ በGIMP `LCh Color` ማድረግ ነው። ይህ ሁነታ የታችኛውን ፎቶ ብርሃንና ጥላ ይዞ ቀለሙን ብቻ ይተካል፤ ስለዚህ አንድም ስፌት አይንቀሳቀስም። ችግሩ ቀለሞች በተፈጥሯቸው እኩል ብሩህ አለመሆናቸው ነው። ከ0 እስከ 100 በሚለካው የብሩህነት መለኪያ የስክሪን ንጹሕ ቀይ 53 ገደማ ሲሆን ቢጫው 97፣ ሰማያዊው 32 ነው። የቀዩን ብርሃን ይዞ ቢጫ የተቀባ አለላ የሰናፍጭ ቡኒ ይመስላል። ስለዚህ ከቀለሙ በተጨማሪ በዚያው ማስክ ውስጥ ያለውን ብርሃን በ`Curves` ለቢጫ ከፍ፣ ለሰማያዊ ዝቅ ማድረግ ግድ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነጸብራቁን ነው። መሶቡ ነጭ ጨርቅ ላይ ከተቀመጠ ሥሩ ያለው ጨርቅ ቀላ ይላል። አለላው ሰማያዊ ሆኖ ጨርቁ እንደቀላ ሲቀር፣ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ዓይኑ ይነግረዋል። ሥሩን በለስላሳ ማስክ ለብቻው ማቅለም ያስፈልጋል።

አዲሱ መንገድ ምስል ፈጣሪ ሞዴሎች ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ስቴብል ዲፊውዥን ዋና ፎቶን ተቀብሎ እንደገና ይሥላል፤ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስነው `denoising strength` የተባለ ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ቀዩ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ከፍ ካለ ቀለሙ ይለወጣል፣ ከሱ ጋር ግን ጥለቱም ይለወጣል። በ2023 የመጣው `ControlNet` የፎቶውን የጠርዝ መስመር ወይም ጥልቀት እንደ ልጓም ስለሚይዝ የመሶቡ ቅርጽ ይጸናል። ሆኖም ጠርዙ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በብርሃን ልዩነት ነው። እኩል ብሩህ የሆኑ ቀይና አረንጓዴ አለላዎች ጎን ለጎን ከተሰፉ በመካከላቸው ያለው መስመር ሊጠፋና ሞዴሉ የራሱን ጥለት ሊፈጥር ይችላል። በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል የሚያርሙት የቅርብ ጊዜ ሞዴሎችም የጠቅላላውን አቀማመጥ በደንብ ሲጠብቁ የስፌቱን ዙር ግን መጨመር ወይም መቀነስ ይችላሉ። ለፋብሪካ ሳህን ይህ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። ለመሶብ ግን ሰፊዋ ያልሠራችውን ጥለት በስሟ መሸጥ ስለሆነ እኔ አልቀበለውም።

ሁለቱን ማጣመር ይቻላል። ሞዴሉ ያወጣው ሰማያዊ መሶብ በዋናው ፎቶ ላይ በዚያው የቀለም ሁነታ ይነጠፋል፤ ቀለሙና ነጸብራቁ ከሞዴሉ፣ ስፌቱ ከዋናው ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን መጠኑ መመሳሰል አለበት፤ ሞዴሉ ምስሉን በጥቂት ፒክስል ካንሸራተተው ቀለሙ ከአለላው ወጥቶ ጎረቤቱ ላይ ይፈስሳል። ማረጋገጫው `Difference` ሁነታ ነው። ሁለቱ ፎቶዎች ሲደራረቡ ያልተነካው ክፍል ጥቁር መሆን አለበት፤ ከማስኩ ውጭ ደማቅ መስመር ከታየ ዕቃው ተንቀሳቅሷል። ጥለቱን ደግሞ ከአፉ እስከ ግርጌው ዙር እየቆጠሩ ከዋናው ጋር ማስተያየት ነው።

ገዥው የሚያገኘው ቀለም ከስክሪን ሳይሆን ከነካሪዋ ድስት ይወጣል። ስለዚህ ከአዲሱ ፎቶ በፊት በዚያ ቀለም የተነከረ አንድ እፍኝ አለላ ከግራጫው ካርድ ጋር በዚያው ብርሃን ይነሳል፤ የሌየሩ ቀለምም ከእሱ ላይ ይቀዳል። እፍኙ ያልተነከረለት ቀለም ካታሎጉ ውስጥ አይገባም።