ተጨማሪ መረጃ፦ መቁጠርና ብዛትን ማወቅ

የ4 ዓመት ሕፃን 5 የባቄላ ፍሬዎችን እየነካ ከአንድ እስከ አምስት ከቆጠረ በኋላ «ስንት ናቸው?» ሲባል እንደገና ከአንድ የሚጀምር ከሆነ፣ የቁጥሮቹን ስም በቅደም ተከተል ቢያውቅም፣ የመጨረሻው ቃል የሁሉንም ብዛት እንደሚናገር፣ ማለትም የብዛት መርሕ የሚባለውን፣ ገና አልጨበጠም ይሆናል። ይህን ይበልጥ የሚለየው ማስቆጠር ሳይሆን ማስመጣት ነው፤ በገበያ ጨዋታ መምህሯ «አራት ጠጠር ሽጥልኝ» ስትለው ሳይቆጥር እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ከሰጣት፣ ወደ ሁለትና ሦስት ዝቅ ብላ፣ በመሬት ላይ በተደረደሩ ጭራሮዎች አጠገብ አንድ አንድ ጠጠር እንዲያኖር ታደርገዋለች። አራቱን በትክክል ሲሰጣት ደግሞ እያየ ጠጠሮቹን አራርቃ «አሁንስ?» ትለዋለች፤ «በዙ» ካለ፣ ብዛትን ከያዙት ቦታ ጋር እያምታታ ነውና ራሱ መልሶ ሰብስቦ ይቁጠራቸው። ባቄላና ጠጠር ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ስለሚገቡ፣ ከ3 ዓመት በታች ላሉት በአፍ የማይገባ ትልቅ ድንጋይ ይመረጣል።