«ግሬዴ ይታይልኝ»

ግሬድ በተለቀቀ ማግስት ለመምህራን የሚጎርፈው መልእክት በአብዛኛው ከሁለት አንዱን ይመስላል። አንዱ «ቲቸር፣ ሲ አይገባኝም፣ ያስተካክሉልኝ» ይላል። ሌላው «ቲቸር በእናትዎ፣ ቤተሰቦቼ አቅም የላቸውም፣ እንደ ልጅዎ ይዩኝ፣ ውለታዎን ዕድሜ ልኬን አልረሳም» ይላል። የመጀመሪያውን ደፋር፣ ሁለተኛውን ጨዋ ማለት ይቀናናል። ለሚያነበው መምህር ግን ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ሁለቱም የጠየቁት ግሬድ ነው፤ የትኛው ፈተና፣ የትኛው ሴክሽን፣ ምን ቦታ ላይ ችግር እንዳለ አንዳቸውም አልተናገሩም። እንዲያውም ልመናው ይብሳል ባይ ነኝ። ደፋሩን መምህሩ «አይሆንም» ብሎ ያልፈዋል። የለመነውን ግን ከልቡ ቢያዝንለት እንኳ በደንቡ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር የለም። በዘመድ ወይም በመምህሩ ጓደኛ በኩል ስልክ የሚያስደውል ተማሪ ደግሞ ምናልባት እውነተኛ የነበረውን ቅሬታውን ራሱ አማላጅ የሚያስፈልገው ጉዳይ አስመሰለው።

መምህሩ የሚችለው ማጣራት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው የፈተና ወረቀት ክምርና ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተ የኤክሴል ዝርዝር ነው፦ የተማሪው መለያ ቁጥር፣ ኪዊዝ፣ አሳይመንት፣ ሚድ፣ ፋይናል፣ ድምር። ሦስት ሴክሽን የሚያስተምር ከሆነ ሦስት እንዲህ ያለ ዝርዝር አለው። ስህተት የሚፈጠረውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ነው፤ አንድ ረድፍ ወርዶ ይጻፋል፣ አንድ ገጽ ሳይታረም ይታለፋል፣ በፈተናው ወረቀት ጀርባ ያለው መልስ ሳይደመር ይቀራል፣ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ተማሪዎች ውጤት ይቀያየራል። ስለዚህ ጥሩ ኢሜይል መምህሩን በቀጥታ ወደዚያች ሳጥን የሚወስድ ነው።

አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ እናስብ። የኮስት አካውንቲንግ ግሬዷ ሲ ሆኖ ወጣ። ትምህርቱ የሚመዘነው ሁለት ኪዊዝ በአምስት አምስት ነጥብ፣ አሳይመንት 15፣ ሚድ 25፣ ፋይናል 50 ነው። በእጇ የተመለሱት ወረቀቶች እንዲህ ይላሉ፦ ኪዊዝ አንድ 4፣ ኪዊዝ ሁለት 4፣ አሳይመንት 11፣ ሚድ 19። ድምሩ ከ50 ላይ 38 ነው። የፋይናሏን ውጤት አታውቅም፤ ፖርታሉ ላይ የሚታየው ፊደሉ ብቻ ነው።

ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሚጠቀሙበት መለኪያ ከ50 ጀምሮ 60 ያልሞላ ሲ ነው፤ ከ60 ጀምሮ 65 ያልሞላ ሲ ፕላስ። 38 ይዞ ሲ ያገኘ ተማሪ ፋይናል ላይ ከ22 በታች አምጥቷል ማለት ነው። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ፋይናል የከበደው ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። ልጅቷ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ኪዊዝ ሁለት የተሰጠ ቀን ክሊኒክ ስለነበረች መምህሩ በማግስቱ ከሴክሽን ሁለት ጋር እንድትፈተን ፈቅደውላት ነበር። ወረቀቷ የታረመው ከሌላ ሴክሽን ክምር ጋር ነው። እሷ ደግሞ የሴክሽን አንድ ተማሪ ናት።

ልብ በሉ፣ እስካሁን ኢሜይል አልጻፈችም። ወረቀቶቿን ሰብስባ ደመረች፣ ውጤቱ ከየት ሊጎድል እንደሚችል አሰበች፣ የኪዊዙን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አነሳች። ግሬድ ባየ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚጻፍ መልእክት ይህን ሁሉ ይዘላል። ለዚህም ነው በማግስቱ ሲያነቡት የሚያሳፍረው። ጽሑፉን አንድ ሌሊት ማሳደር አይጎዳም። ሳምንት ማሳደር ግን ይጎዳል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የኢሜይሉ ርዕስ «ሰላም» ወይም «አስቸኳይ» ሊሆን አይገባም። «ኮስት አካውንቲንግ፣ ሴክሽን 1፦ የኪዊዝ 2 ውጤቴ መመዝገቡን ስለመጠየቅ» ቢል መምህሩ ሳይከፍተው እንኳ ጉዳዩን ያውቀዋል። ውስጡ ደግሞ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ክቡር ዶክተር፣ እንደምን ሰንብተዋል? በዚህ ሴሚስተር ኮስት አካውንቲንግን በሴክሽን 1 የተማርኩ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሙሉ ስሜና መለያ ቁጥሬ ከታች ይገኛል።

ኪዊዝ 2 በተሰጠበት ቀን ታምሜ ስለነበር በእርስዎ ፈቃድ በማግስቱ ከሴክሽን 2 ጋር ተፈትኛለሁ። የተመለሰልኝ ወረቀት ላይ ያለው ውጤት ከ5 ላይ 4 ነው። ወረቀቱ ከሌላ ሴክሽን ጋር ስለታረመ በሴክሽን 1 ዝርዝር ላይ ሳይሞላ ቀርቶ ይሆን የሚል ጥርጣሬ አድሮብኛል። ሲመችዎ ቢያዩልኝ በጣም አመሰግናለሁ። የወረቀቱን ፎቶ አያይዣለሁ።

የፋይናል ውጤቴን ስለማላውቅ ግሬዱ ይለወጣል ማለቴ አይደለም። ውጤቱ ተመዝግቦ ከሆነም እንዲሁ ቢያሳውቁኝ ይበቃኛል። ቢሮ መምጣት ካለብኝ በሚሉኝ ሰዓት እገኛለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

ከዚህ በላይ ማርዘም አያስፈልግም። «ሲ አይገባኝም» አላለችም፣ «ተሳስተዋል»ም አላለችም። ስህተቱ የተፈጠረበትን መንገድ ስትጠቁም ጥፋቱ ማንም ላይ እንዳያርፍ አድርጋ ነው። ከሁሉ በላይ የምወደው «ግሬዱ ይለወጣል ማለቴ አይደለም» የሚለውን ነው፤ ትሕትና ብቻ ሳይሆን እውነትም ነው። ፋይናሏ 16 ከሆነ ኪዊዙ ተጨምሮም ድምሯ 54 ነው፣ ያው ሲ። መምህሩ ይህን ሲያነብ የሚሰማው የሚከራከረው ሰው እንደመጣበት አይደለም፤ አንዲት ሳጥን ማየት ብቻ እንደቀረው ነው።

ስለ አጠራሩ ሁለት ነገር ልበል። በእኛ አገር መምህር በማዕረጉና በራሱ ስም ይጠራል እንጂ በአባቱ ስም አይደለም፤ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ተማሪዎች ግን የውጭውን ልማድ ይዘው በአባት ስም ሲጠሩ ይታያል። በሌላ በኩል ደግሞ ዶክትሬት የሌለውን መምህር ዶክተር ማለት ማክበር አይሆንም፤ «መምህር» ይበቃል፣ ያምራልም። አማርኛ ከማይቀለው መምህር ጋር ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ያኔም ቢሆን አጭርና ተራ ቋንቋ ነው የሚያስፈልገው።

ኢሜይሉ ውስጥ መግባት የሌለባቸው ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው የሌላ ተማሪ ስም ነው፤ «እገሌ ከኔ ኮርጆ ቢ ፕላስ አገኘ» የሚለው መጀመሪያ የሚያጋልጠው ጸሐፊውን ነው። ሁለተኛው ለዲፓርትመንት ኃላፊው የሚላክ ግልባጭ ነው። በመጀመሪያው መልእክት ላይ ኃላፊውን ማካተት መምህሩ ገና ሳይመልስ እንደ መክሰስ ይቆጠራል። ግልባጩ ተራው የሚደርሰው ጥቂት ቀን ተጠብቆ፣ በአክብሮት አንዴ ተደግሞ መልስ ሲጠፋ ነው።

ኪዊዝ ሳይሆን የእርማቱ ፍርድ ያልጣመው ተማሪ ጉዳይ ለየት ይላል። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ግን ከ10 ላይ 4 የተሰጠው መልስ የተሻለ ይገባው ነበር ብሎ ያምናል። ይህ ተማሪ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ወረቀቱን ለማየት ነው፦ «ጥያቄ 3 ላይ ምን እንዳጎደልኩ ለመረዳት ወረቀቴን በቢሮዎ ማየት ብችል ደስ ይለኛል።» ወረቀቱን ካየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ የመጨረሻው ቁጥር ትክክል ቢሆንም ሥራው እንዳልታየ ያውቃል፣ ወይ ደግሞ መምህሩ የታረመው ወረቀት ላይ ያልታየ እርምጃ አግኝቶ ራሱ ያርመዋል። በዚህ ካልተስማሙ መደበኛው መንገድ ሪማርክ ነው፤ ተማሪው በጽሑፍ ያመለክታል፣ ወረቀቱም በሌሎች መምህራን ዳግመኛ ይታያል። ዝርዝሩ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ የተለያየ ነው፤ ከማመልከት በፊት ግን አንድ ነገር ማጣራት ያሻል። ዳግም የታየ ወረቀት ወደ ላይ ብቻ አይሄድም።

አሁን ወደ ጊዜው ልመለስ። መምህሩ ግሬዱን ከማስገባቱ በፊት የ50ውን ውጤት በር ላይ ወይም በሴክሽኑ ቴሌግራም ከለጠፈ፣ ስህተቱን ማረም ያኔ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ብዙ ተማሪ ግን ያንን ዝርዝር በግማሽ ዓይን አይቶ ያልፈዋል። ግሬዱ በዲፓርትመንቱ ጸድቆ ሬጅስትራር ከደረሰ በኋላ መምህሩ ብቻውን ሊለውጠው አይችልም። የግሬድ ማስተካከያ ቅጽ ይሞላል፣ ምክንያቱን ይጽፋል፣ ማስረጃ ያያይዛል፣ ኃላፊዎቹ ይፈርማሉ። የተማሪዋ ፎቶ ዋጋ የሚኖረው ይሄኔ ነው፤ ፎቶውን መምህሩ ለራሱ ሳይሆን «ለምን ትለውጣለህ?» ለሚሉት ሰዎች ያቀርበዋል። ቅሬታ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብም አለ፣ አጭር ነው፣ መምህሩ ለኢሜይሉ ባይመልስም ይቆጥራል። ስለዚህ መልስ እየጠበቁም ቢሆን የገደቡን ቀን ከሬጅስትራር ጠይቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

የልጅቷ ፋይናል 24 ነበር እንበል። ዝርዝሩ ላይ የነበረው ድምር 58፤ ኪዊዙ ሲጨመር 62 ይሆናል፣ ሲ ወደ ሲ ፕላስ። ከ2 ወደ 2.5 ማለት ነው። ባለ 3 ክሬዲት ሃወር ትምህርት ከሆነ 1.5 ነጥብ ይጨምራል፤ በሴሚስተሩ 18 ክሬዲት ሃወር ለወሰደ ተማሪ ጂፒኤው በ0.08 ገደማ ከፍ ይላል። የሴሚስተሩ ውጤቱ 2.80 ለሆነ ተማሪ ይህ ብዙም አይደለም፤ 1.95 ላይ ለቆመ ግን ከ2.00 መስመር ያሻግረዋል።

መልሱ «አየሁት፣ ተመዝግቧል፣ ግሬድሽ ያው ነው» ቢሆንስ? ያኔም የሚላክ ኢሜይል አለ፦ «ጊዜ ወስደው ስላዩልኝ አመሰግናለሁ፣ ዶክተር። ፋይናሉ ላይ የደከምኩበትን ለማወቅ ወረቀቴን ማየት የምችልበት ቀን ካለ ቢነግሩኝ እመጣለሁ።»