157 ወይስ 175? የይዞታ መዝገብ ስህተትን የሚያሳርም ማመልከቻ

ካርታው ላይ የቦታው ስፋት 157 ካሬ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። እዚያው ወረቀት ላይ በተሳለው ፕላን ደግሞ የቦታው አንዱ ጎን 12.5 ሜትር፣ ሌላው 14 ሜትር ነው። ቦታው ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ስለሆነ ሁለቱን ማባዛት ይበቃል፤ የሚመጣው 175 ነው። ካርታውን ያዘጋጀው ሰው 7ን እና 5ን አቀያይሯቸዋል ማለት ነው። ባለይዞታው ይህን ሳያስተውል ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ግብሩን ይከፍላል፣ አጥሩን ያድሳል፣ ካርታውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል። ስህተቱ የሚወጣው ቤቱን ለመሸጥ፣ ባንክ ለማስያዝ ወይም ለልጆች ለማዛወር ሲነሳ ነው። ያኔ ጉዳዩ የእሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ገዢው ይጠራጠራል፣ የባንኩ ገማችም በወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ውጭ አልቀበልም ይላል።

ይህ ለማስረዳት ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው፤ ዓይነቱ ግን በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች የታወቀ ነው። የአባት ስም ይሳሳታል፣ የቤት ቁጥር ይለወጣል፣ የወረዳ ስያሜ ሲቀየር አሮጌው መዝገብ እንዳለ ይቀራል። ሁሉም በማመልከቻ ይጀመራሉ። ብዙ ሰው የሚቸገረው ግን ምን ብሎ ማመልከት እንዳለበት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ካርታው በሕግ ፊት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ በከተማ የሚኖር ሰው ቤቱ የራሱ ነው፣ በመሬቱ ላይ ያለው ግን የይዞታ መብት ነው። ይህን የሚያሳየው ወረቀት ደግሞ ቀላል ወረቀት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 የአስተዳደር ክፍል የማይንቀሳቀስ ንብረት የአንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ከሰጠው፣ ያ ሰው ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል ይላል። ተከታዩ ቁጥር 1196 ይህ ግምት ሊፈርስ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ ሰነዱ ከሕግ ውጭ የተሰጠ እንደሆነ ወይም የሰጠው ክፍል ሥልጣን ያልነበረው እንደሆነ። እንግዲህ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ 157ን ሰርዞ 175 ሲጽፍ አንድ ቁጥር ብቻ አያስተካክልም፤ 18 ካሬ ሜትር መሬት የእገሌ ነው የሚል ግምት በአዲስ ሰነድ ይፈጥራል። ያ 18 ካሬ የጎረቤት ወይም የመንገድ ቢሆን ተጠያቂው እሱ ነው። የባለሙያው ጥንቃቄ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ስለዚህ ማመልከቻው ሲነበብ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ የጽሑፍ ስህተት ነው ወይስ የመብት ጥያቄ? የጽሑፍ ስህተት የሚባለው መዝገቡ ከራሱ ምንጭ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ነው። ፕላኑ፣ የመጀመሪያው የልኬት ቅጽ፣ ቦታው የተሰጠበት ደብዳቤ ሁሉ 175 ብለው ካርታው ብቻ 157 ካለ፣ ምንጩን መልሶ መቅዳት ይበቃል። ፕላኑም፣ የልኬት ቅጹም፣ ካርታውም 157 ብለው አጥሩ ብቻ 175 ላይ የቆመ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ 18 ካሬ ከሰነዱ ውጭ የተያዘ ነው፤ እንዴት እንደተያዘ መመርመር አለበት፣ የአዋሳኝ ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔም ሊያስፈልግ ይችላል። «ይታረምልኝ» በሚል ማመልከቻ እንዲህ ያለውን ለማስገባት የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። እኔ እንደማምነው፣ ማንም ሰው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ማህደሩን ለማየት መጠየቅ አለበት። ስህተቱ ከየት እንደጀመረ ሳያውቁ መጻፍ ባለሙያውን አዲስ ክርክር ውስጥ ማስገባት ነው።

የስፋት ስህተት ሁልጊዜ እንደ ምሳሌያችን በማባዛት አይገኝም። ቦታው ጎኖቹ የተዛነፉ ከሆነ የማዕዘኖቹን ኮርድኔት ማየት ይሻላል። ኮርድኔቱ በሜትር የሚጻፍ ረጅም ቁጥር ስለሆነ፣ ሲገለበጥ ከመጨረሻው ሁለተኛው አሃዝ በአንድ ቢሳሳት ያ ማዕዘን 10 ሜትር ይሸሻል። እንዲህ ሲሆን ካርታው ላይ ያለው ቅርጽ መሬት ላይ ካለው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም፣ አለበለዚያም የጎረቤት ግቢ ውስጥ ይገባል። ስህተቱን ባለይዞታው በዓይኑ ሊያውቀው ይችላል፤ ማረጋገጡ ግን የቅየሳ ባለሙያ ሥራ ነው፣ ማመልከቻውም ድጋሚ ልኬት እንዲደረግ መጠየቅ አለበት።

ወደ ማመልከቻው እንምጣ። ለማን ይጻፍ የሚለው መጀመሪያ ይለያል። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ በኋላ፣ ይዞታው ተረጋግጦ በአዲሱ ሥርዓት የተመዘገበ ከሆነ መዝገቡ ያለው በምዝገባ ተቋሙ ዘንድ ነው፤ ገና ካልተመዘገበ ግን ማህደሩ ካርታውን በሰጠው የመሬት አስተዳደር ክፍል ይገኛል። የመሥሪያ ቤቶቹ ስያሜ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ማህደሬ አሁን የት ነው ያለው ብሎ መጠየቅ ከስያሜው በላይ ይጠቅማል። ለምሳሌያችን የሚስማማው ማመልከቻ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ቀን ………

ለ……… ክፍለ ከተማ የመሬት ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ላይ የተፈጠረ የቦታ ስፋት የጽሑፍ ስህተት እንዲታረም ስለመጠየቅ

በወረዳ ……… በቤት ቁጥር ……… የሚገኘውና በካርታ ቁጥር ……… በስሜ የተመዘገበው ይዞታ ስፋቱ 157 ካሬ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ሆኖም በዚሁ ካርታ ፕላን ላይ የቦታው ጎኖች 12.5 እና 14 ሜትር በመሆናቸው ስፋቱ 175 ካሬ ሜትር ነው። በማህደሬ ውስጥ የሚገኘው የመጀመሪያ የልኬት ቅጽም 175 ካሬ ሜትር ይላል። የቦታው ወሰን አልተለወጠም፤ ከአዋሳኞቼ ጋርም ክርክር የለኝም። ስለዚህ 157 የተባለው 175 ተብሎ እንዲታረምልኝ፣ አስፈላጊ ከሆነም ድጋሚ ልኬት ተደርጎ የታረመው ካርታ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የካርታው ቅጂ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የዘመኑ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ ቅጂ

የአመልካች ስም፣ ፊርማና ስልክ ቁጥር

ማመልከቻው አጭር የሆነው ሆን ተብሎ ነው። የተሳሳተው ምን እንደሚል፣ ትክክለኛው ምን መሆን እንዳለበትና ይህን የሚያረጋግጠው ወረቀት የት እንደሚገኝ ይናገራል። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚጻፉ ብዙ ማመልከቻዎች ግን ግማሽ ገጹን ለብሶት ይሰጡታል፤ ምን ያህል እንደተንገላቱ፣ ማን ችላ እንዳላቸው፣ ስንት ልጅ እንደሚያሳድጉ ይዘረዝራሉ። ብሶቱ እውነት ነው፣ ሰሚም ይገባዋል። ነገር ግን ባለሙያው በብሶት ላይ ተመሥርቶ ካርታ ማረም አይችልም። አንዳንዱ ደግሞ «ቦታዬ ተቀንሶብኛል» ብሎ ይጀምራል፤ ያቺ አንዲት አባባል የጽሑፍ ስህተቱን ወደ መብት ክርክር ትለውጠዋለች። «ወሰኑ አልተለወጠም» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ግን ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ እውነት ካልሆነች ግን አትጻፍ፣ ልኬቱ ሲመጣ ያጋልጣልና።

ስለ ግብር ደረሰኙ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ደረሰኙን እንደ ዋና ማስረጃ ይቆጥረዋል። ደረሰኙ በዚያ ስምና በዚያ ስፋት እንደተከፈለ ያሳያል፤ ይዞታው የማን እንደሆነ በራሱ አያረጋግጥም። ባለይዞታው ለ175 ካሬ ሲከፍል ከኖረ ግን ማመልከቻውን በደንብ ይደግፈዋል።

የስም ስህተት የራሱ ጣጣ አለው። ካርታው ላይ «ገብሬ» የተባለው የአባት ስም መታወቂያው ላይ «ገብረማርያም» ከሆነ፣ ጥያቄው ከፊደል ግድፈት አልፎ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ወይ ወደሚለው ይሄዳል። ቦታው በተሰጠበት ጊዜ በማህደሩ የገባ የመታወቂያ ቅጂ ወይም ማመልከቻ ሙሉውን ስም ከያዘ፣ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ሊያርመው ይችላል። ማህደሩም የሚለው «ገብሬ» ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ባለይዞታው በሞት ከተለየ ነገሩ ይከብዳል፤ ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃቸውን የሚያወጡት በየትኛው ስም እንደሆነ ከካርታው ጋር አስቀድመው ካላስተያዩት፣ ፍርድ ቤቱ በሰጠው ማስረጃና በካርታው መካከል ሌላ ልዩነት ይፈጠራል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ባለይዞታዎች ይህ በተለይ ያገኛቸዋል። የአያት ስማቸው በውጭ አገር ሰነዳቸው ላይ ሳይገባ ይቀራል፣ ወይም የአባታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይጻፋል። ከካርታው ጋር ሲተያይ ሌላ ሰው ይመስላል። ማሳረሙን ለዘመድ በውክልና የሚሰጡ ከሆነ፣ «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚለው ብቻውን በቂ ላይሆን ይችላል፤ በመሬት ይዞታ መዝገብ ላይ ያለ ስህተትን እንዲያሳርምና የታረመውን ካርታ እንዲረከብ በግልጽ ቢጻፍ ይሻላል።

ካርታው ለብድር መያዣ ሆኖ ዋናው ባንክ ዘንድ ከተቀመጠ ደግሞ፣ ጽሕፈት ቤቱ አሮጌውን ካርታ ሳይረከብና ሳያመክን አዲስ ለመስጠት አይፈልግም። ሁለት ካርታ በአንድ ቦታ ላይ መኖሩ አደገኛ ነው። ስለዚህ ከባንኩ ደብዳቤ ማምጣት፣ ባንኩም እርማቱን ማወቁ የግድ ነው።

ማመልከቻው መዝገብ ቤት ሲገባ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በራስ ቅጂ ላይ ማስጻፍ ያስፈልጋል። «ነገ ተመለስ» ሲባል የሚጠየቀው በዚያ ቁጥር ነው፤ ኃላፊው ለየትኛው ባለሙያ እንደመራውም በዚያው ይታወቃል። ጥያቄው ተቀባይነት ካላገኘ ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ለበላይ አካል ወይም ለፍርድ ቤት አቤት ለማለት የሚያስችለው በጽሑፍ የተሰጠው መልስ ነው።

አዲሱ ካርታ ሲወጣ እዚያው መስኮቱ ፊት ቆሞ ማንበብ ይገባል፤ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ስሙን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የማዕዘኖቹን ቁጥሮች ከአሮጌው ቅጂ ጋር እያስተያዩ። አንዱን ስህተት ለማረም እንደገና የተጻፈ ወረቀት ሌላ ስህተት ሊይዝ ይችላል። ከዚያ ቅጂውን ለግብር ክፍሉም ማድረስ ያስፈልጋል፤ እዚያ ያለው መዝገብ ካልተስተካከለ ባለይዞታው በሚቀጥለው ዓመት ግብር ሲከፍል በደረሰኙ ላይ አሁንም 157ን ያገኛል።