ስድስት ፒን፣ አንድ ሞተር

መስቀል አደባባይ አካባቢ ያለ አንድ ኬክ ቤት ስድስት ትዕዛዝ ተቀብሏል እንበል። ትዕዛዞቹ የገቡት በዚህ ተራ ነው፦ ፒያሳ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ሜክሲኮ፣ መገናኛ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ። ገንዘብ ተቀባይዋ ስድስቱንም ካርታ ላይ ምልክት አድርጋ፣ ስክሪንሾት አንስታ በቴሌግራም ለሞተረኛው ትልክለታለች። ሞተረኛው በገቡበት ተራ አድርሶ ወደ ኬክ ቤቱ ቢመለስ፣ በቀጥታ መስመር ሲለካ እንኳ 28 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ያንኑ ሥዕል በደንብ ካነበበው ግን 18 ይበቃዋል።

ጎግል ማፕ በአንድ ጉዞ ብዙ መቆሚያ ማስገባት ቢፈቅድም፣ የሚመራው በተሰጠው ተራ ነው፤ የተዘበራረቀውን ራሱ አያስተካክልም። ስለዚህ ተራውን ማውጣት የሰው ሥራ ነው። እጅ ላይ ያለው ደግሞ ስክሪንሾት ብቻ ከሆነ፣ ፒኑ ቢነካ አይከፈትም፣ ሥዕሉ ቢሰፋም ተጨማሪ መንገድ አያሳይም።

ንባቡ የሚጀምረው ከፒኖቹ ሳይሆን ከሥዕሉ ዳር ነው። መጀመሪያ ኮምፓስ ይፈለጋል። ጎግል ማፕ በስልክ ላይ ኮምፓሱን የሚያወጣው ካርታው በጣት ሲዞር ነው፤ ምልክቱ ካለ ሰሜን ከላይ አይደለም ማለት ነው፣ ሰሜን ያለው የመርፌው ቀይ ጫፍ በሚያመለክትበት በኩል ነው። ቀጥሎ የርቀት መለኪያዋ ትንሽ መስመር ትታያለች። ከአጠገቧ «1 ኪ.ሜ.» ከተጻፈ፣ የወረቀት ጠርዝ ስክሪኑ ላይ አስጠግቶ የመስመሯን ርዝመት በእስክሪብቶ መውሰድና በዚያ ልክ በፒኖቹ መካከል መቁጠር ይቻላል። ሥዕሉ ሲላክ ቢያንስም ቢሰፋም መስመሯ አብራው ስለምታንስና ስለምትሰፋ ልኩ አይፋለስም። የሚፋለሰው የሥዕሉ ዳር ተቆርጦ መስመሯ ስትቀር ነው።

መስመሯ ከሌለችስ? ርዝመቱ የታወቀ ነገር ሥዕሉ ውስጥ ይፈለጋል። ለአዲስ አበባ ካርታ ጥሩ መለኪያ የሚሆነው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ረጅሙ መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ነው። መንደርደሪያው ስክሪኑ ላይ 3.8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ 1.9 ከሆነ ደግሞ 2 ኪሎ ሜትር።

ከዚያ በኋላ ፒኖቹ ይቆጠራሉ። ትክክለኛው ቦታ የፒኑ ክብ አናት ሳይሆን ሹል ጫፉ ነው፤ ከተማው በሙሉ በአንድ ስክሪን ሲታይ በአናቱና በጫፉ መካከል ያለው ልዩነት መንገድ ያሳስታል። ሰማያዊዋ ነጥብ ደግሞ ትዕዛዝ አይደለችም፤ ሥዕሉን ያነሳችው ሰው በዚያች ደቂቃ የነበረችበት ቦታ ናት። ስድስት ትዕዛዝ ተብሎ አምስት ፒን ብቻ ከታየ፣ አንዱ ሌላው ሥር ተሸፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ከመነሳት በፊት በስልክ መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ተራው እንመለስ። ስድስት ቦታ በ720 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊደረስ ይችላል፤ ያንን ሁሉ የሚሞክር የለም። ብዙ ሰው የሚወስደው አቋራጭ «ሁልጊዜ ወደሚቀርበው መሄድ» ነው። በእኛ ምሳሌ ከመስቀል አደባባይ የሚቀርበው ካዛንቺስ ነው፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል። ከዚያ አራት ኪሎ 2፣ ፒያሳ 1፣ ሜክሲኮ 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ያምራል። ነገር ግን የቀሩት ቦሌና መገናኛ በሌላው የከተማው ጫፍ ናቸው። ሞተረኛው ከሜክሲኮ ወደ ቦሌ 5 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የተነሳበትን መስቀል አደባባይ ምንም ሳያደርስ ያልፈዋል። ከቦሌ መገናኛ 3፣ ከመገናኛ ወደ ኬክ ቤቱ 4.5 ሲጨመር ድምሩ 20 ኪሎ ሜትር ነው። አቋራጩ መጀመሪያ ላይ ያተረፈውን መጨረሻ ላይ መልሶ ይወስደዋል።

የተሻለው ዘዴ ከዳር መጀመር ነው። በሥዕሉ ዳር ዳር ያሉትን ፒኖች ብቻ በጣት ማያያዝ፦ ሜክሲኮ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ መገናኛ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም። መነሻው መስቀል አደባባይ በቦሌና በሜክሲኮ መካከል ይገባል። ርቀቶቹ ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ተጠጋግተው ሲደመሩ 2፣ 3፣ 1፣ 4.5፣ 3 እና 3.5፣ በጠቅላላው 17 ናቸው። ከክቡ ውስጥ የቀረው ካዛንቺስ ነው። በአራት ኪሎና በመገናኛ መካከል ቢገባ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ በቦሌና በመስቀል አደባባይ መካከል ቢገባም ያው ነው። በወረቀት ጠርዝ በተለካ ርቀት የትኛው እንደሚያጥር መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ የሚወስነው የካዛንቺሱ ደንበኛ ሰዓት ነው። ከሁሉም በፊት የሚፈልግ ከሆነ ክቡ ይገለበጣል፦ ካዛንቺስ፣ ቦሌ፣ መገናኛ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ሜክሲኮ። ርዝመቱ አሁንም 18 ገደማ ነው።

ስህተትን ለመለየት ቀላል ምልክት አለ። ጉዞው በሥዕሉ ላይ ሲሳል መስመሮቹ ከተሻገሩ ተራው ሊታጠር ይችላል። በገቡበት ተራ ሲኬድ ከፒያሳ ቦሌ የሚወርደው መስመር ከሜክሲኮ መገናኛ የሚሄደውን ይቆርጠዋል። ማያያዣዎቹን ቀይሮ መሻገሩን ማስቀረት በቀጥታ መስመር ሲለካ ሁልጊዜ ያሳጥራል። የተሻገረ መስመር አለመኖሩ ግን ተራው አጭሩ ነው ማለት አይደለም፤ ያ የ20 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ አንድም መሻገሪያ የለውም።

እስካሁን የተለካው ሁሉ በቀጥታ መስመር ነው፣ ሞተር ደግሞ በመንገድ ይሄዳል። ለከተማ ጉዞ በቀጥታው ላይ ሲሶ ያህል መጨመር የተለመደ ግምት ስለሆነ 18ቱ ወደ 24 ይጠጋል። አንዳንድ ቦታ ይህም አይበቃም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሃዲዱ መሬት ላይ በሚሄድባቸው ክፍሎች መንገዱን ለሁለት ስለሚከፍል፣ ወደ መገናኛ አቅጣጫ ከሃዲዱ ማዶ የሚታይ ፒን በሥዕሉ 50 ሜትር ቢርቅም እስከ ቀጣዩ ማዞሪያ ሄዶ መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፒን አጠገብ የመንገዱ ቀኝ ይሁን ግራ ይጻፋል፤ ክቡ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚዞርም ይኸው ይወስናል።

የሥዕሉ ዕድሜም ይታያል። የትራፊክ ቀለሞቹ የሚናገሩት ስክሪኑ አናት ላይ ስላለው ሰዓት እንጂ ስለ አሁኑ አይደለም። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ሕንፃ ፈርሶባቸዋል፣ መንገዶቻቸውም ተቀይረዋል፤ የቆየ ስክሪንሾት ላይ «ከዚህ ሆቴል ጀርባ» ተብሎ የተጻፈ ምልክት ዛሬ ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል።

ሞተረኛው ኪሱ የሚይዘው ወረቀት በመጨረሻ ስድስት መስመር ነው፦ ተራ ቁጥር፣ ቦታ፣ ካለፈው መቆሚያ ያለው ርቀት፣ የመንገዱ ወገን፣ የደንበኛው ስልክ። ላኪዎችም ሥራውን ሊያቀሉት ይችላሉ፤ ካርታውን ሰሜን ከላይ አድርገው፣ የርቀት መስመሯን ሳይቆርጡ ያንሱት፣ ከስክሪንሾቱ ጋርም የእያንዳንዱን ደንበኛ ሎኬሽን ለየብቻ ይላኩ።