ቨርቹዋል ሜሞሪ የዲስክ ብድር አይደለም፦ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ቃለ መጠይቅ ተረትና እውነታ

ለሶፍትዌር ሥራ በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከሚነሡት መካከል «ቨርቹዋል ሜሞሪ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የማይቀር ሲሆን፣ በተፈታኞች ዘንድ በስፋት የሚሰማው መልስ «ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ ከዲስክ ላይ የሚበደረው ተጨማሪ ቦታ ነው» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፣ በቀላሉ ይሸመደዳል፣ ዋናውን ነገር ግን ይስታል። ስሕተቱ በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ ቢቆም ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር፤ ዳሩ ግን ፕሮሰስ ከትሬድ የሚለይበት ምክንያትም ሆነ ኮንቴክስት ስዊች የሚያስከፍለው ዋጋ አብዛኛው ማብራሪያ የሚገኘው ከቨርቹዋል ሜሞሪ ስለሆነ፣ ይህን የሳተ ተፈታኝ ተከትለው የሚመጡትን ሁለቱን ጥያቄዎች በሸመደደው ሐረግ ይመልስ እንደሆነ እንጂ «ለምን?» ሲባል የሚለው ያጣል።

እምነቱ ከመሬት የበቀለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝ ማንቸስተር ሥራ የጀመረው አትላስ የተባለው ኮምፒውተር ትንሹን ፈጣን ሜሞሪና ሰፊውን ግን ቀርፋፋውን የማግኔት ከበሮ አዋሕዶ፣ ለፕሮግራም ጸሐፊው እንደ አንድ ሰፊ ሜሞሪ እንዲታዩት ያደርግ ነበርና፣ የቨርቹዋል ሜሞሪ መነሻ በእርግጥም የቦታ እጥረት ነው። ዊንዶውስም ቢሆን ከዲስክ ላይ የሚያዘውን የፔጂንግ ፋይል መጠን የሚያስተካክልበትን መስኮት Virtual memory ብሎ ስለሰየመው፣ ተጠቃሚው ሁለቱን አንድ አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የሚፈረድባቸው በየጥያቄው ሥር አንድ መስመር መልስ እየጻፉ «ይህን ብቻ አጥኑ» የሚሉ የዝግጅት ጽሑፎች አዘጋጆች ናቸው፤ እነዚህ አንዱ የጻፈውን ሌላው እየገለበጠ፣ አንድም ሰው ስዋፑን አጥፍቶ ምን እንደሚሆን ሳያይ፣ ተረቱን ዓመት ከዓመት ያሻግሩታል።

እውነታው እንዲህ ነው። ቨርቹዋል ሜሞሪ አድራሻን የመተርጎም ሥርዓት ነው። አንድ ፕሮግራም ሥራ ላይ ሲውል፣ ማለትም ፕሮሰስ ሲሆን፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የራሱ የሆነ የአድራሻ ክልል ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙ የሚጠራው እያንዳንዱ አድራሻ የዚህ ክልል አድራሻ እንጂ የራም አድራሻ አይደለም። በሁለት ቀበሌዎች የቤት ቁጥር 205 ቢኖር ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቤቱ ሁለት እንደሚሆን ሁሉ፣ ሁለት ፕሮሰሶችም አንድ ዓይነት አድራሻ ጠርተው በራም ውስጥ ወደተለያየ ቦታ ሊደርሱ ይችላሉ። ትርጉሙ የሚከናወነው በገጽ ነው፤ ገጽ ማለት በአብዛኞቹ የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች 4 ኪሎባይት ስፋት ያለው የሜሞሪ ቁራሽ ሲሆን፣ የትኛው የፕሮሰሱ ገጽ በራም የትኛው ቦታ እንዳረፈ የሚናገረው መዝገብ የገጽ ሰንጠረዥ ይባላል። ይህን ሰንጠረዥ የሚያዘጋጀው ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ በእያንዳንዱ የሜሞሪ ንባብና ጽሕፈት ላይ የሚያማክረው ግን ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው። ሰንጠረዡ በተለመደው አሠራር አራት ደረጃ ስላለው በየጊዜው ከላይ እስከ ታች መመልከት ፕሮግራሙን ክፉኛ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ በቅርቡ የተረጎማቸውን አድራሻዎች ቲኤልቢ በሚባል ትንሽና ፈጣን ማኅደር ይይዛቸዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዲስክ ገና አልተነሣም። ዲስክ የሚመጣው ፕሮሰሰሩ የተፈለገውን ገጽ በሰንጠረዡ ውስጥ ሲያጣና ጉዳዩን ለከርነሉ ሲያስተላልፍ ነው፤ ይህም ፔጅ ፎልት ይባላል። ስሙ ጥፋት ይምሰል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ገጹ ለፕሮሰሱ ተፈቅዶ ገና ያልተነካ ከሆነ ከርነሉ በዜሮ የተሞላ አዲስ የራም ገጽ ይሰጠዋል፤ የአንድ ፋይል ክፍል ከሆነ ከፋይሉ ያመጣዋል፤ ቀድሞ ወደ ስዋፕ ወጥቶ ከሆነ ከዚያ ይመልሰዋል፤ ለፕሮሰሱ ያልተፈቀደ አድራሻ ከሆነ ደግሞ በሊኑክስ ላይ ፕሮግራሙ በSegmentation fault ይቆማል። ተረቱ ከእነዚህ መካከል ሦስተኛውን ብቻ አንሥቶ የሥርዓቱ ሁሉ ትርጓሜ አድርጎታል።

ይህን በሊኑክስ ማሽን ላይ በዐይን ማየት ይቻላል። በቂ ባዶ ራም ባለበት ማሽን ላይ በመጀመሪያ `sudo swapoff -a` በተባለው ትእዛዝ ስዋፑ ይጠፋል፤ ተረቱ እውነት ቢሆን ኖሮ በዚህ ጊዜ ቨርቹዋል ሜሞሪ አብሮ በጠፋ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ፕሮግራም ኮምፓይለሩ እንዳያሳጥረው በ`-O0` ተዘጋጅቶ ይሠራል፤

```c
#include <stdio.h>
#include <stdlib.h>
#include <string.h>

int main(void) {
    char *p = malloc(1UL << 30);
    if (!p) return 1;
    getchar();
    memset(p, 1, 100UL << 20);
    getchar();
    return p[0] - 1;
}
```

ፕሮግራሙ 1 ጊጋባይት ይጠይቅና ይቆማል፤ የመግቢያ ቁልፍ ሲነካ ከዚያ ውስጥ 100 ሜጋባይቱን ብቻ ይጽፍበትና እንደገና ይቆማል። በሁለቱም ማቆሚያዎች ላይ፣ በPID ቦታ የፕሮሰሱን ቁጥር ተክቶ፣ ከሌላ ተርሚናል `ps -o vsz,rss,min_flt,maj_flt -p PID` ብሎ መመልከት ነው። በመጀመሪያው ማቆሚያ የአድራሻ ክልሉን ስፋት የሚያሳየው VSZ ከ1,048,576 ኪሎባይት በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ በራም ውስጥ በእርግጥ የተያዘውን የሚያሳየው RSS ግን ጥቂት ሺህ ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ከርነሉ የሰጠው አድራሻ እንጂ ራም አይደለምና። በሁለተኛው ማቆሚያ VSZ ባለበት ሲቆም RSS ወደ 102,400 ኪሎባይት ያህል ይጨምራል። ያለ ዲስክ የተፈቱትን ፔጅ ፎልቶች የሚቆጥረው min_fltም ያድጋል፤ ገጾቹ ባለ 4 ኪሎባይት ከሆኑ ጭማሪው ወደ 25,600 ይጠጋል፣ ሲስተሙ ባለ 2 ሜጋባይት ትልልቅ ገጾችን ከተጠቀመ ግን እጅግ ያንሳል። ከዲስክ ማንበብን የጠየቁትን የሚቆጥረው maj_flt በእነዚህ 100 ሜጋባይቶች ምክንያት አይጨምርም። ስዋፕ የለም፣ ከዲስክም የተበደረ የለም፤ ቨርቹዋል ሜሞሪ ግን ሥራውን እየሠራ ነው።

የተረቱ ጉዳት ከቃለ መጠይቁ ክፍል ውጭም ይከተላል። የጃቫ ወይም የጎ ፕሮግራም VSZ በብዙ ጊጋባይት የሚቆጠር ሆኖ ያየ ባለሙያ፣ ቨርቹዋል ሜሞሪን የዲስክ ብድር አድርጎ ስለሚያስብ፣ ሜሞሪ እያፈሰሰ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያም ስዋፕ ይጨምራል፣ ወይም በ`ulimit -v` የአድራሻ ክልሉን ያጠብና ጤነኛውን ፕሮግራም ገና ሲነሣ ያስቆመዋል። መታየት የነበረበት RSS በጊዜ ብዛት ያለማቋረጥ ማደጉና አለማደጉ ነበር።

ይህ ከተጨበጠ የፕሮሰስና የትሬድ ልዩነት ሳይሸመደድ ይገባል። ትሬድ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ በራሱ ተራ የሚሄድ የትእዛዝ ፍሰት ነው፤ የፕሮሰሱ ትሬዶች ሁሉ አንድ የገጽ ሰንጠረዥ ይጋራሉ፣ የተለያዩ ፕሮሰሶች ግን አይጋሩም። አንድ ፕሮግራም በ`fork` ልጅ ፕሮሰስ ቢፈጥርና ልጁ የአንድን ተለዋዋጭ ዋጋ ከ5 ወደ 9 ቢቀይር፣ ሁለቱም የተለዋዋጩን አድራሻ ሲያትሙ አንድ ዓይነት ቁጥር ይወጣል፤ በወላጁ በኩል ያለው ዋጋ ግን 5 እንደሆነ ይቆያል። በ`fork` ፈንታ ትሬድ ተፈጥሮ ያንኑ ተለዋዋጭ ቀይሮት ቢሆን ኖሮ፣ ወላጁም 9 ባነበበ ነበር።

«`fork` የወላጁን ሜሞሪ ሁሉ ይገለብጣል» የሚለውም ተረት እዚሁ ይወድቃል፤ በሊኑክስ የሚገለበጠው በዋናነት የገጽ ሰንጠረዡ ሲሆን፣ ገጾቹ ከሁለቱ አንዱ እስኪጽፍባቸው ድረስ በጋራ ይቆያሉ። «ትሬዶች ሁሉንም ይጋራሉ» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ስታክና የራሱ የሬጂስተር ይዞታ አለው። ሆኖም ስታኩ ያለው በዚያው የጋራ ክልል ውስጥ ስለሆነ ሌላው ትሬድ በተሳሳተ ፖይንተር ሊያበላሸው ይችላል፤ የሚከለክለው አጥር የለም። «ትሬድ በበዛ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል» ለሚለው ብዙ ቃል አያስፈልግም፦ እያንዳንዱ ኮር በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ በሚያስኬድበት ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር ላይ ስሌት ብቻ የሚሠሩ 800 ትሬዶች ቢነሡ፣ በአንድ ቅጽበት የሚሠሩት 8 ናቸው፤ ከኮሮቹ ቁጥር በላይ ትሬድ ማብዛት የሚጠቅመው አብዛኞቹ ኔትወርክ ወይም ዲስክ ሲጠባበቁ ነው።

ኮንቴክስት ስዊች ማለት ከርነሉ በሥራ ላይ ያለውን ትሬድ አቁሞ፣ ሬጂስተሮቹን መዝግቦ፣ በምትኩ ሌላውን የሚያስቀጥልበት ሂደት ነው። ከሲስተም ኮል ጋር አንድ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። `getpid` ሲጠራ ፕሮሰሰሩ ወደ ከርነል ገብቶ ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ትሬድ ይመለሳል፣ ትሬድ አልተቀየረም። የስዊቹ ወጪ ሬጂስተር መመዝገብ ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ሩቅ አያስኬድም፤ ተረኛው ከሌላ ፕሮሰስ ከሆነ የገጽ ሰንጠረዡ ይቀየራል፣ በቀድሞ ፕሮሰሰሮች ላይም ከቲኤልቢ ውስጥ አብዛኛው ትርጉም አብሮ ይሰረዝ ነበር። አዳዲሶቹ ትርጉሞቹን በፕሮሰስ መለያ ቁጥር እየለዩ ሊያቆዩ ስለሚችሉ ይህ ጉዳት ቀንሷል። ተረኛው የዚያው ፕሮሰስ ትሬድ ከሆነ ሰንጠረዡ ባለበት ይቆያል፤ ያም ቢሆን ነጻ አይደለም፣ አዲሱ ትሬድ የሚፈልገው መረጃ በፕሮሰሰሩ ካሽ ውስጥ ላይገኝ ይችላልና። ስለዚህ «ኮንቴክስት ስዊች ይህን ያህል ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል» ብሎ አንድ ቁጥር መሸምደድ ዋጋ የለውም፤ ዋጋው በፕሮሰሰሩ፣ በሥራው ዓይነትና በካሹ ሁኔታ ይለዋወጣል።

ልኩን የሚፈልግ ተፈታኝ በሊኑክስ ላይ `/proc/PID/status` የተባለውን ፋይል ይክፈት፤ `voluntary_ctxt_switches` ትሬዱ አንዳች ነገር ለመጠበቅ ራሱ ስንት ጊዜ ተራውን እንደለቀቀ፣ `nonvoluntary_ctxt_switches` ደግሞ ከርነሉ ስንት ጊዜ እንዳስለቀቀው ይናገራሉ።