አምቡላንሱ ቤትዎን በምን ያገኘዋል?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ የሆነች እህትዎ ደም በብዛት ይፈሳት ጀመር። 907 ደውለው አምቡላንስ ጠየቁ። ስልኩን ያነሱት ሰው ቀጥለው የሚጠይቁት «የት ነው?» ብለው ነው። እርስዎም ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ ከዚያም «ከታክሲ ተራው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ አረንጓዴ በር» ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ ሾፌሩ ራሱ ይደውላል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሷል፤ ግን በሌሊት የአረንጓዴውን በር ቀለም ማን ይለያል?

ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ ደም መፍሰስ ጤነኛ የነበረችን እናት በሰዓታት ውስጥ ሊገድል የሚችል አደጋ ነው። መኪናው ሰፈሩን እየዞረ የሚያባክነው እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ከእሷ ላይ የሚቀነስ ጊዜ ነው። የቤት ቁጥር አለን ይሉ ይሆናል። ሆኖም በብዙ ሰፈሮቻችን ቁጥሩ ቤቱን በመዝገብ ለማወቅ የተሰጠ እንጂ በመንገዱ ቅደም ተከተል የተደረደረ አይደለም። 214 ቁጥርን ያገኘ ሾፌር 215 ከጎኑ ይሆናል ብሎ ቢፈልግ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የምናነሳው ስለ መድኃኒት ሳይሆን በስልክዎ ላይ ስላለች አንዲት አጭር ኮድ ነው። ፕላስ ኮድ ትባላለች።

ፕላስ ኮድ የጉግል ባለሙያዎች ሠርተው በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለማንም በነጻ የለቀቁት የቦታ መለያ ነው። አሠራሩ ከሚመስለው ይቀላል። መላው ምድር በኬክሮስና በኬንትሮስ በትልልቅ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል። እያንዳንዱ ማዕዘን ወደ ሃያ በሃያ ትንንሽ ማዕዘኖች፣ እነሱም እንደገና ወደ ሃያ በሃያ እየተከፈሉ ይቀጥላሉ። በእያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ምልክት ይጨመራል። አንዱ ወደ ሰሜንና ደቡብ፣ ሌላው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ያለውን ቦታ ይናገራል። አምስት ጊዜ ተከፍሎ አሥር ምልክት ሲሞላ የቀረው ማዕዘን በግምት 14 ሜትር በ14 ሜትር ይሆናል። አንድ ግቢ ማለት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። መስቀል አደባባይ አካባቢ ያለ አንድ ነጥብ ሙሉ ኮዱ ይህ ነው፦

```
6GXW2Q66+6F
```

የመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች ጎንና ጎኑ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነን ሰፊ አካባቢ ይናገራሉ። የከተማው ስም ከተነገረ እነሱን መተው ስለሚቻል በተግባር የምንጠቀመው `2Q66+6F አዲስ አበባ` የሚለውን ነው። ከቀሩት ውስጥ `2Q` ጎኑ 5 ኪሎ ሜራት ተኩል ገደማ የሆነ ሰፈር ያመለክታል። ቀጥሎ ያለው `66` ያንን ወደ 275 ሜትር ያጠበዋል። ከመደመር ምልክቷ በኋላ ያለው `6F` ደግሞ 14 ሜትሯ ላይ ያደርሳል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ስህተት ሲፈጠር ነው። በስልክ ሲነገር የመጨረሻው `F` በስህተት `C` ተብሎ ቢጻፍ ሾፌሩ የሚሳሳተው በ14 ሜትር ነው፤ ከመኪናው ወርዶ ሲጣራ ይሰማችኋል። `Q` ግን `P` ተብሎ ቢጻፍ አምቡላንሱ ከመስቀል አደባባይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ርቆ ይሄዳል። የከፋው ነገር ኮዱ ራሱ «ተሳስቻለሁ» አለማለቱ ነው። የተሳሳተውም ኮድ አንድ እውነተኛ ቦታ ያሳያል፤ ካርታውም ያለ ምንም ቅሬታ ወደዚያ ይመራል። ስለዚህ ኮዱን ሲናገሩ ሁልጊዜ አንድ የታወቀ ምልክት አብረው ይናገሩ። «2Q66+6F፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ» ከተባለ ካርታው ጦር ኃይሎችን ሲያሳይ ሾፌሩ ወዲያው ይጠረጥራል።

ምልክቶቹ ሲመረጡም ለዚህ ታስቦበታል። በኮዱ ውስጥ ዜሮና አንድ የሉም፤ ከፊደል ኦ እና ከፊደል አይ ጋር ይምታታሉና። ከእንግሊዝኛ ፊደላት ያሉት `C F G H J M P Q R V W X` ብቻ ናቸው። እንግዲህ ኮድ ሲቀበሉ «ቢ» ወይም «ዲ» ወይም «ኤን» የሰሙ ከመሰለዎት በእርግጠኝነት ተሳስተዋል ማለት ነው፤ «ቢ» ያሉት «ፒ»፣ «ኤን» ያሉት «ኤም» ሊሆን ይችላል። በድንጋጤ ሰዓት «ፒ እንደ ፓስታ፣ ቪ እንደ ቪዛ፣ ኤም እንደ ሞባይል» እያሉ መናገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሾፌሩ መልሶ ሲደውል በቁጥሩ አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ነው።

ታዲያ የቤትዎን ኮድ እንዴት ያገኛሉ? በስልክዎ ጉግል ማፕን ይክፈቱና ካርታውን በሳተላይት ፎቶ እንዲታይ ያድርጉ። ቤትዎን እስኪያዩት ድረስ ያቅርቡት፤ ከዚያ ነጥቡ ላይ ጣትዎን ተጭነው ይቆዩ። ቀይ ምልክት ይተከላል፤ ከታች በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ የመደመር ምልክት ያለበት ኮድ ይነበባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራቸው ሁለት ስህተቶች አሉ። አንደኛው መኝታ ቤት ተቀምጦ ስልኩ «አለህ» የሚለውን ሰማያዊ ነጥብ አምኖ መቀበል ነው። በቆርቆሮና በኮንክሪት ሥር የሳተላይቱ ምልክት ስለሚዳከም ነጥቡ የጎረቤት ግቢ ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። በነጥቡ ዙሪያ የሚታየው ሰማያዊ ክብ በሰፋ መጠን ስልኩ ራሱ እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ በዓይንዎ ከፎቶው ይምረጡ። ሁለተኛው ስህተት የጣሪያውን መሐል መምረጥ ነው። መንገድ የሚመራው ካርታ መኪናውን የሚወስደው ለነጥቡ ቅርብ ወደሆነው መንገድ ነው። ቤትዎ ከኋላ አጥር የሚለየው ሌላ መንገድ ቢኖር አምቡላንሱ በአጥሩ ማዶ ይቆማል፤ እናንተም በአጥር ላይ ትጣራላችሁ። የሚመረጠው መኪና ሊደርስበት የሚችለው የግቢው በር ነው። መኪና የማይገባበት ቅያስ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ የቅያሱን አፍ ይምረጡና አንድ ሰው ባትሪ ይዞ እዚያ እንዲቆም ያድርጉ።

ከዚያ ይፈትኑት። ኮዱን ከከተማው ስም ጋር ሌላ ሰፈር ለሚኖር ዘመድ ይላኩለት፤ በካርታው መፈለጊያ ላይ ጽፎ ምልክቱ የት እንዳረፈ ይንገርዎት። ፊደሉ ትልቅም ይሁን ትንሽ ለውጥ የለውም፤ የመደመር ምልክቷ ግን እንዳትቀር።

የከተማውን ስም አደራ የምንለው በምክንያት ነው። አጭሩ ኮድ በየ110 ኪሎ ሜትሩ ይደጋገማል። ባሕር ዳር ያለ ልጅዎ ኮዱን ብቻ ቢጽፍ ስልኩ ለራሱ ቅርብ የሆነውን ያሳየዋል። ሙሉውን ኮድ መጻፍ ለሚወዱ ደግሞ ለአዲስ አበባ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። 9ኛው የኬክሮስ መስመር ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፍ ከመስመሩ በስተሰሜን ያለው ኮድ በ`6GXW` ሲጀምር፣ ቃሊቲንና አቃቂን የመሰለው ደቡባዊ ክፍል በ`6GWW` ይጀምራል። ፒያሳ ያለ ወዳጅዎን መነሻ ቀድተው ለቃሊቲ ቤትዎ ቢጠቀሙበት ከከተማው 110 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቀው ይገኛሉ። አጭሩን ኮድ ከ«አዲስ አበባ» ጋር ሲጽፉ ካርታው ለከተማዋ የሚቀርበውን ስለሚመርጥ ይህ ችግር አይፈጠርም።

የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪ ከሆኑ ኮዱ ግማሽ አድራሻ ብቻ መሆኑን ይወቁ። ከፍታን አይናገርም። ምድር ቤት ያለውና አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤትዎ ኮዳቸው አንድ ነው። የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅና የቤት ቁጥር መጨመር አለበት፤ ብሎኩ ሁለት መወጣጫ ካለው የትኛው እንደሆነም ጭምር። አዲስ በተሠሩ ሰፈሮች የሳተላይት ፎቶው አሮጌ ሆኖ ሕንጻው ባይታይ እንኳ ኮዱ ይሠራል፤ የሚናገረው ስለ መሬቱ እንጂ ስለ ሕንጻው አይደለምና። በዚያን ጊዜ ውጭ፣ በሩ ላይ ቆመው ሰማያዊው ክብ እስኪጠብ መጠበቅ ብቸኛው መንገድ ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በሕንድ ኮልካታ ከተማ የመንገድ ስም በሌላቸው የድሆች መንደሮች ፕላስ ኮድ በየቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። በአሜሪካ ዩታ ግዛት በናቫሆ ሕዝብ ምድር ተራርቀው ላሉ ቤቶችም ተሰጥቷል። በእንግሊዝ ደግሞ በሦስት ቃላት ቦታን የሚጠራ የአንድ ኩባንያ ዘዴ በድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ዘንድ ይሠራበታል። እሱ 3 ሜትር በ3 ሜትር ድረስ ይለያል፤ ነገር ግን የአንድ ቃል ነጠላና ብዙ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ በስልክ ሲነገር ይሳታል የሚል ትችት ቀርቦበታል።

ፕላስ ኮድ የቤት ቁጥርዎን ከመታወቂያዎ፣ ከካርታዎ ወይም ከፍርድ ቤት መጥሪያ ላይ አይተካም፤ ማን እንደሚኖርና ቤቱ የማን እንደሆነ አይናገርምና። የሚተካው «ወፍጮ ቤቱን አልፎ» የሚለውን ነው። ስልኩን የሚያነሳው ባለሙያም ኮዱን ወዲያው በካርታ ይከፍተዋል ብለው አይገምቱ፤ በመጀመሪያ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የታወቀ ምልክት ይናገሩ፤ ኮዱ ለሾፌሩ ስልክ ይሁን።

አሁኑኑ በወረቀት ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ወይም ከበሩ ጀርባ ይለጥፉት። ልጆችና የቤት ሠራተኛዋም ማንበብ እንዲችሉ አነባበቡን በአማርኛ ከሥሩ ይጻፉ፤ «ሁለት፣ ኪው፣ ስድስት፣ ስድስት፣ ፕላስ፣ ስድስት፣ ኤፍ፣ አዲስ አበባ» እንደማለት። ከሥሩ 907ን፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋውን 939ንም ያክሉበት። ቤት ሲቀይሩ ወረቀቱን ቀድደው አዲስ ይጻፉ፤ ከዕቃው ጋር ተጠቅልሎ የመጣው አሮጌው ኮድ አምቡላንሱን ወደ ቀድሞው አከራይዎ በር ነው የሚልከው።